ዓላማ፣ መርሐ ግብርና ወጪ ሸፋኝ በቪዛ ማመልከቻ ላይ



ከሆሳዕናም ሆነ ከዱራሜ የተነሡ ብዙ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ይኖራሉ፤ የቤተሰባቸውን ወጪም ይሸፍናሉ። ችግሩ የሚጀምረው ይህን እውነት በቪዛ ማመልከቻ ላይ ስንደብቀው ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። የሆሳዕና መምህር ጀርመን ውስጥ ለ3 ቀን ጉባኤ ተጋብዟል እንበል። ከዚያ በኋላ አክስቱ ቤት 10 ቀን ይቆያል። ወጪውን የሚከፍለው ጆሃንስበርግ የሚነግድ ወንድሙ ነው። የሼንገን ቅጽ ከአንድ በላይ ዓላማ ማመልከት ይፈቅዳል፤ እርሱ ግን ጉባኤውን ብቻ ሞላ። የበረራ ማስያዣው 13 ቀን ስለሚያሳይ ዐሥሩ ቀናት ማብራሪያ ያጣሉ። ወንድሙ የላከው ገንዘብም ከማመልከቻው ጥቂት ቀን በፊት በአንድ ጊዜ ገብቷል፤ «የራሴ ቁጠባ ነው» ቢል የባንክ መግለጫው ይመሰክርበታል። በሼንገን የቪዛ ሕግ አንቀጽ 32 መሠረት፣ የጉዞው ዓላማ በማስረጃ ካልተደገፈ ወይም የአመልካቹ ቃል ካጠራጠረ ቪዛው ይከለከላል።

እኔ ብሆን ሁለቱንም ዓላማ እሞላለሁ፤ የጉባኤውን ጥሪና የአክስቴን ግብዣ ከየቀናቸው ጋር አያይዛለሁ። ወጪ ሸፋኝ ብዬ ወንድሜን እጽፋለሁ፤ ደብዳቤውን፣ የገቢ ማስረጃውንና የሐዋላውን ደረሰኝ አቀርባለሁ። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ዝምድናችንን የሚያሳየው የአባታችን ስም ነው፤ በሁለቱ ፓስፖርቶች በላቲን ፊደል አጻጻፉ ከተለያየ ልዩነቱን በሰነድ አስረዳለሁ።

ይህ ሁሉ ለቪዛ ዋስትና አይሆንም። ቆንስሉ ሲጠይቀኝ ግን የማስታውሰው የሆነውን ብቻ ነው።