ሲም ካርድዎን ሳያወጡ ዱባይ

አድማጮች፣ ዱባይ ደርሶ ሲም የሚቀይር ሰው የአገር ቤቱን ካርድ ኪሱ ይከታል። ባንኩ በመልእክት የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥርም አብሮ ይቀርበታል። በኢሲም ግን ካርዱ ከቦታው አይነሳም፤ ሁለተኛው መስመር ስልኩ ውስጥ በተገጠመው ቺፕ ላይ ይጫናል።

መጀመሪያ *#06# ይደውሉ። EID የሚል ረጅም ቁጥር ከመጣ፣ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ኢሲም ይቀበላል። ለአንድ ኩባንያ የተቆለፈ ስልክ ግን የሌላውን መስመር አያስገባም፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያጣሩ።

ኪውአር ኮዱን ከመነሳትዎ በፊት፣ ዋይፋይ ባለበት ስካን ያድርጉ። ኢንተርኔቱን በአዲሱ መስመር ይጠቀሙ፤ በነባሩ ላይ ዳታ ሮሚንግ ይዝጉ፣ አለዚያ ሂሳቡ ያስደነግጣል። መስመሩን ራሱን ግን አያጥፉት፤ ሮሚንግ ካስከፈቱ የባንኩ መልእክት የሚገባው በእሱ ነው። ኢሲሙንም በችኮላ አይሰርዙ፤ ያው ኮድ ብዙ ጊዜ ዳግመኛ አይሠራም።