አስጠኚው ዛሬ ሲቀር

አቅራቢ፦ ቤት ለቤት ለምታስጠኑ ነው የዛሬው ምክር። 11 ሰዓት ላይ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ቀጠሮ አለባችሁ፤ 8 ሰዓት ላይ ትኩሳት ያዛችሁ እንበል። ጽሑፍ ከመላክ በፊት ለወላጅ ደውሉ። ሥራ ላይ ያለች እናት መልእክቱን ሳታየው ሰዓቱ ሊደርስ ይችላል። ካላነሳች ጻፉላትና ቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ምክንያቱ ባጭሩ ይበቃል፤ ዝርዝር ሲበዛ ሰበብ ይመስላል። እንዲህ በሏት፦

«ጤና ይስጥልኝ። አሞኝ ዛሬ መምጣት አልቻልኩም፤ በዚህ ሰዓት በመናገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከነገ ወዲያ 11 ሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ብመጣ የትኛው ይመችዎታል? ሁለቱም ካልሆነ የዛሬው ከወሩ ክፍያ ይቀነስ።»

ነገር የሚያበላሸው «ሰሞኑን እናካክሰዋለን» የሚለው ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ማካካሻ ወር ሲያልቅ ጭቅጭቅ ያመጣል። እሑድ ጠዋትን ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ቤተሰብ፣ ባታቀርቡት ይሻላል።

ልጁ ነገ ፈተና ካለው ግን የቅዳሜው ማካካሻ ምንም አይረባውም። አቅም ካላችሁ ማታ በስልክ የከበዱትን ሁለት ጥያቄዎች አብራችሁት ሥሩ። ለዚህች ገንዘብ አትጠይቁ።