የሦስት ቀን መድኃኒት፣ የዕለት ክኒን

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ እናት ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ያዛት እንበል። ሕመሙ ድንገተኛ ነው፤ ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ትውጣለች። ግቡ ተውሳኩን ከደሟ ማጥፋት ነው። ትኩሳቱ ካልለቀቃት ወይም ካገረሸባት ተመልሳ ትመረመራለች።

በዚያው ቀን ግን የደም ግፊቷ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ፤ ካገገመች በኋላ በሌላ ቀን ሲለካም አልወረደም። ይሄኛው አብሯት የሚኖር ሕመም ነው። ግቡ በየዕለቱ በሚዋጥ ክኒን ከ140 በ90 በታች አውርዶ ልቧን፣ ኩላሊቷንና አንጎሏን መጠበቅ ነው። እስኪስተካከል በየወሩ ትለካለች፤ ከዚያ ቀጠሮው ይራራቃል፣ ክኒኑ ግን ይቀጥላል።

ብዙዎችን የሚጎዳው የግፊቱን ክኒን እንደ ወባው መድኃኒት የሚያበቃ መስሏቸው «ተሽሎኛል» ብለው ማቆማቸው ነው። ግፊት ሳያሳምም ይጨምራል። እባካችሁ፣ ክኒኑ ሳያልቅባችሁ ጤና ጣቢያ ድረሱ።