ገጹን በጆሮ ማረም፦ ስለ ርዕሶች፣ ስለ ሊንኮችና ስለ ምስል መግለጫዎች



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ገጽ ነው። ገጹ የአንድ የማታ ማሠልጠኛ ተቋም የማስተዋወቂያ ድረ ገጽ ነው፤ የተቋሙን ስም አልጠቅስም፤ ከጥፋቱ ግማሽ ያህሉ የእኔ ነውና። የገጹን የአማርኛ ጽሑፍ ያረምሁት እኔ ነበርሁ። ጽሑፉ በወረቀት ታትሞ መጣልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ ሥርዓተ ነጥቡን አስተካከልሁ፣ የተንዛዙትን ዐረፍተ ነገሮች አሳጠርሁ፣ ፈርሜም መለስሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማየት የተሳነው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ የክፍያ ቅናሽ እንደነበረ የሰማሁት ምዝገባው ካለቀ በኋላ ከጓደኛዬ ነው። ገጹን እኮ ሦስት ጊዜ ከፍቼዋለሁ» አለኝ። ቅናሹም ሆነ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ገጹ ላይ ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም የሰፈሩት በአንድ የፖስተር ምስል ላይ ነው። እኔ በወረቀት ላይ ሳነብባቸው ፊደል ነበሩ፤ ለእርሱ ኮምፒውተር ግን ፊደል አልነበሩም።

ቢሮዬ መጥቶ ገጹን እየሰማ እንዲያሳየኝ ለመንሁት። የሚጠቀምበት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብብ ፕሮግራም፣ NVDA ይባላል። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ማይክል ኩራን ነው፤ እንደ እርሱ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ጄምስ ቴም አብሮት አሳድጎታል፤ በነፃ ይገኛል። እኔ ተማሪዬ ገጹን ከላይ እስከ ታች እንደ ሬዲዮ የሚያዳምጥ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን `H` የሚለውን ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ዘለለ፤ በ`K` ከሊንክ ወደ ሊንክ፣ በ`G` ከምስል ወደ ምስል ሄደ። ቀጥሎ `NVDA+F7` ሲጫን የገጹ ሊንኮች ብቻቸውን፣ ርዕሶቹም ብቻቸውን በዝርዝር ተደረደሩ። እናንተ በዓይናችሁ ገጽ ስታማትሩ የምታደርጉትን እርሱ በእነዚህ ቁልፎች ያደርገዋል። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 መጀመሪያ ባካሄደው የተጠቃሚዎች መጠይቅ፣ በረጅም ገጽ ላይ መረጃ ሲፈልጉ በቅድሚያ በርዕሶች እንደሚዘዋወሩ የገለጹት ከ10 መላሾች 7 ያህሉ ነበሩ።

እንግዲህ ያ ዝርዝር ሲነበብ የሰማነው ይህ ነው። «ርዕስ ደረጃ አንድ፣ ነገዎን ዛሬ ይገንቡ። ርዕስ ደረጃ አንድ፣ ህልምዎ እዚህ ይጀምራል። ርዕስ ደረጃ አራት፣ ለምን እኛ? ርዕስ ደረጃ ሁለት፣ 25። ርዕስ ደረጃ ሁለት፣ 1,800።» ተማሪዬ ፈገግ ብሎ፣ «ዶክተር፣ እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ሂሳብ አያያዝ የት እንዳለ ይንገሩኝ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። 25 የመምህራኑ፣ 1,800 ደግሞ የተመራቂዎቹ ቁጥር ነው። ዲዛይነሩ ቁጥሮቹ ጎልተው እንዲታዩ ስለፈለገ `<h2>` አደረጋቸው፤ ይህ የርዕስ ምልክት ፊደሉን ያተልቃልና። የሥልጠና ዘርፎቹ ስሞች በአንጻሩ ተራ አንቀጽ ሆነው በደማቅ ፊደል ብቻ ተጽፈዋል። ለዓይን ርዕስ ናቸው፣ ለፕሮግራሙ ግን አይደሉም። የፊደል መጠን የሚወሰነው በሲኤስኤስ ነው፤ የርዕስ ደረጃ የሚናገረው የትኛው ሐሳብ በየትኛው ሥር እንዳለ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን «25 መምህራን»፣ «1,800 ተመራቂዎች» ብለን በአንቀጽ ውስጥ አስገባናቸው፤ ርዕሶቹንም እንደገና ጻፍን።

```html
<h1>የማታ ሙያ ሥልጠናዎች</h1>
<p class="slogan">ነገዎን ዛሬ ይገንቡ</p>
<h2>የምዝገባ ቀንና የክፍያ ቅናሽ</h2>
<h2>የሥልጠና ዘርፎች</h2>
<h3>ሂሳብ አያያዝ</h3>
<h3>የኮምፒውተር ጥገና</h3>
```

የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ መፈክሩ ከርዕስነት መነሣቱን አልወደዱትም፤ ተከራከርን። መፈክሩ ከገጹ አልጠፋም፣ መጠኑም አልቀነሰም፤ ከርዕሶች ዝርዝር ብቻ ወጣ። «ነገዎን ዛሬ ይገንቡ» የሚለው ሐረግ ለባንክም፣ ለስፖርት ቤትም፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካም ይሆናል፤ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ለአድማጩ የሚነግረው ነገር የለም። በሌላ በኩል ርዕስ ማብዛትም ጉዳት አለው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው እርማት እያንዳንዱን አንቀጽ በርዕስ አስጀምሬ፣ የርዕሶቹ ዝርዝር ገጹን ያህል ሊረዝም ተቃርቦ ነበር። ግማሹን መልሼ አወጣሁ።

ወደ ሊንኮቹ ልለፍ። በስድስቱ የሥልጠና ዘርፎች ሥር ስድስት ሊንኮች ነበሩ፤ ስድስቱም «ዝርዝሩን ይመልከቱ» ይላሉ። በሊንኮች ዝርዝር ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ስድስት ጊዜ ሲነበብ መስማት ያስቃልም ያሳዝናልም። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ማለትም WCAG፣ በመሠረታዊ ደረጃው የሚጠይቀው የሊንኩ ዓላማ ከራሱ ወይም በዙሪያው ካለው ጽሑፍ ጋር ተዳምሮ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ በመመሪያው ብቻ ለሚከራከር ሰው እንዲህ ያለው ሊንክ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ሊንኮቹ በዝርዝር ሲወጡ ያ «ዙሪያ» አብሮ አይወጣም። በእኔ እምነት የማስተዋወቂያ ገጽ አራሚ ሊያሟላ የሚገባው ሊንኩ ብቻውን ሲቆም የሚጠይቀውን ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛችን ጠባይ ይረዳናል። የእንግሊዝኛው ሊንክ በተለምዶ «ተጨማሪ ያንብቡ» በሚለው ትእዛዝ ይጀምርና የሚለየውን ስም መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ አድማጩ ቁም ነገሩን ለመስማት መጠበቅ አለበት። አማርኛ ግሡን በስተመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ የሚለየው ስም ቀድሞ ይመጣል። ይሁንና «ስለ ሂሳብ አያያዝ ሥልጠና ያንብቡ»፣ «ስለ ኮምፒውተር ጥገና ሥልጠና ያንብቡ» ብለን ብንጽፍ ሁሉም ሊንክ በ«ስ» ይጀምራል። በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ፊደል ተይቦ ወደሚፈልገው ለሚዘልል ሰው ይህ እንቅፋት ነው። «የ»ም ያው ናት፤ አንድ ገጽ ላይ ሃያ ሊንክ በ«የ» ሲጀምር አይቻለሁ። የማጣሪያ ሳጥን ስላለ ችግሩን መሻገር ይቻላል፤ ቢሆንም እንዲህ አደረግነው፦ «ሂሳብ አያያዝ፦ ዋጋና የትምህርት ሰዓት»። አጭር ነው፣ በስሙ ይጀምራል፣ ሲከፈት ምን እንደሚገኝም ይናገራል። የሚያይ ደንበኛም ከ«ዝርዝሩን ይመልከቱ» ይልቅ ይህን እንደሚመርጥ አልጠራጠርም።

የድረ ገጹ ባለሙያ ሌላ መንገድ አቅርቦ ነበር፤ የሚታየውን ቃል እንዳለ ትቶ `aria-label` በተባለው ስውር ጽሑፍ ለስክሪን ሪደር ብቻ ማብራሪያ መጨመር። ይህ አይሠራም አልልም። ነገር ግን የማይታይን ጽሑፍ ማንም አያርመውም። በዚያው ገጽ የእንግሊዝኛው ቅጂ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ያሉ ሁለት ስውር ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ቀርተው አግኝተናል፤ የሚታየው አማርኛ፣ የሚሰማው እንግሊዝኛ። በነገራችን ላይ ገጹ ራሱ በኮዱ አናት ላይ `lang="en"` ይል ነበር። `lang="am"` ብለን ስናስተካክለው ስክሪን ሪደሩ የአማርኛ ድምፅ ካለው ወደዚያ የሚለወጥበት ምልክት አገኘ። ከNVDA ጋር የሚመጣው eSpeak NG አማርኛ ያነብባል፤ ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፣ ግን ይሰማል።

አሁን ወደዚያ ፖስተር እንመለስ። ተማሪዬ ገጹን ሦስት ጊዜ ሲከፍት ፖስተሩን አላለፈውም፤ ሦስቱንም ጊዜ ደርሶበታል። ፖስተሩ ሊንክ ስለነበረና አማራጭ ጽሑፍ ስላልተጻፈለት፣ ስክሪን ሪደሩ ያነበበለት የፋይሉን ስም ነው፦ `poster_final_3`። በዚህ ስም ውስጥ የክፍያ ቅናሽ እንዳለ የሚጠረጥር ማነው? አልፎት ሄደ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ በፖስተሩ ላይ ያለውን ሁሉ በአማራጭ ጽሑፉ ውስጥ መገልበጥ ነበር። ተማሪዬ አልተስማማም። አማራጭ ጽሑፍ እንደ አንድ ወጥ ዐረፍተ ነገር ይወርዳል፤ ቀኑን ብቻ ደግሞ ለመስማት አያመችም፣ በርዕስም አይከፋፈልም። በዚህ ምክንያት ቀኑን፣ ዋጋውንና ቅናሹን ከምስሉ አውጥተን «የምዝገባ ቀንና የክፍያ ቅናሽ» በሚለው ርዕስ ሥር በጽሑፍ አሰፈርናቸው። ለፖስተሩ ሊንክ አጭር አማራጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረለት፦ «የምዝገባ ቀንና ቅናሽ፦ ሙሉ መረጃ»።

ሁለተኛው ምስል የመማሪያ ክፍል ፎቶግራፍ ነው። አማራጭ ጽሑፍ ነበረው፤ «ምርጥ ሥልጠና ርካሽ ሥልጠና ሂሳብ አያያዝ አዲስ አበባ» ይላል። የተጻፈው ለፍለጋ ሞተር እንጂ ለሰው አይደለም። እኔ በምትኩ «ስምንት ሠልጣኞችና አንዲት አሠልጣኝ በአንድ ክፍል ውስጥ» ብዬ ጻፍሁ። ውሸት የለበትም፤ ግን ፎቶግራፉ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አይናገርም። ኃላፊውን ስጠይቃቸው፣ «እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱ ኮምፒውተር እንዳለው ለማሳየት ነው» አሉኝ። ስለዚህ «ስምንት ሠልጣኞች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮምፒውተር ሲለማመዱ» ሆነ። «የ… ምስል» ብዬ አልጀመርሁም፤ ምስል መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራልና። ያው ፎቶግራፍ አሠልጣኟን በሚያስተዋውቅ ገጽ ላይ ቢሆን ኖሮ መግለጫው ሌላ ይሆን ነበር።

በየክፍሉ መካከል ለጌጥ የገባው የጥለት ምስል ደግሞ ምንም መግለጫ አያስፈልገውም። ለእርሱ `alt=""` ብለን ባዶ ጻፍንለት። ባዶ መጻፍና ጨርሶ አለመጻፍ ግን አንድ አይደሉም፤ ባዶው «ይህን እለፈው» የሚል ትእዛዝ ነው፣ አለመጻፉ ግን ፕሮግራሙን ለግምት ይተወዋል።

እርማቱ ሲያልቅ ተማሪዬ ተመልሶ መጣ። `H` ሁለት ጊዜ ነካ፤ «ርዕስ ደረጃ ሁለት፣ የምዝገባ ቀንና የክፍያ ቅናሽ» አለ ድምፁ። አንድ መስመር ወረደ፤ የሚቀጥለውን ዙር ቀን ሰማ። ቀጥሎ «መመዝገቢያ ቅጽ» የሚለውን ሊንክ ከፈተ፤ ከዚያ ዝም ሆነ። ቅጹ ስካን ተደርጎ የተለጠፈ ፒዲኤፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ምስል። ለሬጅስትራሩ ጽፈናል፤ እስከዚያው ድረስ ከሊንኩ ሥር በስልክ መመዝገቢያ ቁጥር በጽሑፍ አስቀምጠናል።