የጎረቤት ቁፋሮ ቤታችንን ቢጎዳ ተጠያቂው ማነው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፎቅ ለመሥራት ጉድጓድ ሲቆፈር አጥር ለአጥር ያለው ቤት ለምን ይሰነጠቃል? የቤት ክብደት ከመሠረቱ ሥር ቀጥ ብሎ ብቻ አይወርድም፤ ወደ ጎንም እየሰፋ ነው አፈሩ ላይ የሚያርፈው። ስለዚህ በግምት፣ ጉድጓዱ ከመሠረታችሁ በታች የሚወርደውን ያህል ከቤታችሁ መራቅ አለበት ይባላል። ለምሳሌ መሠረታችሁ 1 ሜትር፣ የጎረቤት ጉድጓድ 7 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 6 ሜትር ነው። ጉድጓዱ ከግድግዳችሁ የራቀው 2 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አፈሩን የሚይዝ ደጋፊ ግንብ ሳይሠራ መቆፈር የለበትም። ጥቁር መረሬ አፈር ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ አደጋው ይብሳል።

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ አልዘጋ የሚል በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ ወለል። ስንጥቁ ላይ ጥቂት ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ጥልቅ ቁፋሮን የሚመለከት ክስ በዚህ ላይ ሊመሠረት ይችላል። ይህ ከሆነ ጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ጉዳቱን፣ የመጣውም ከቁፋሮው መሆኑን ማስረዳት ነው። «ፈቃድ አለኝ» ማለት አያድነውም። «ዝናብ ነው ያፈረሰው» ማለትም እንዲሁ፤ በቁጥር 2086 መሠረት የሚያመልጠው ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ነው። ባለቤቱ ወደ ተቋራጩ፣ ተቋራጩም ወደ ባለቤቱ ቢገፋፉ ሁለቱንም በአንድነት መክሰስ ይቻላል።

ወሰንም አለው። ግድግዳችሁ ሳይነካ የቤቱ ዋጋ ብቻ ቢቀንስ በቁጥር 2069 ካሣ አይገኝም። ከዱሮ የነበረውን ስንጥቅም ማንም አይከፍላችሁም። ስለዚህ ቁፋሮው ሳይጀመር ግድግዳችሁን ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ አንሡ፤ ይህ ከሌለ «ቤቱ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ሲሏችሁ መልስ ያጥራችኋል።

ጉዳት ስታዩ በጽሑፍ ለባለቤቱ አስታውቁ፤ ግልባጩን ለግንባታ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስጡና ፈርማችሁ ያስገባችሁበትን ቅጂ ያዙ። መሐንዲስ አምጥታችሁ ምክንያቱንና የጥገናውን ወጪ በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። ቁፋሮው ከቀጠለ ፍርድ ቤት እንዲያስቆምላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አትርሱ፦ በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጎረቤት ነው፣ ያስተካክለዋል እያላችሁ ስትጠብቁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። በሽምግልና ከተስማማችሁም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።