የተንቀሳቃሽ አማካዮች መሻገር ለምን ይዘገያል? ለስዊንግ ትሬደርስ መቼ ይጠቅማል?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ጠባብ ነው። በአክሲዮን ዋጋ ገበታ ላይ ሁለት ተንቀሳቃሽ አማካዮች ይሣላሉ፤ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም። አጭሩ ረጅሙን ከታች ወደ ላይ ሲሻገር «ግዛ»፣ ከላይ ወደ ታች ሲሻገር «ሽጥ» ማለት ነው ይባላል። ምልክቱ እንደሚዘገይ በገበያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። በስንት ቀን እንደሚዘገይና መዘግየቱ ከየት እንደሚመነጭ ግን በቁጥር ሲቀመጥ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ነገሩን የምመለከተው ከስዊንግ ትሬደር አንጻር፣ ማለትም አንድን አክሲዮን ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይዞ ከሚቆይ ነጋዴ አንጻር ነው። ለምሳሌ የምወስደውም የ10 እና የ30 ቀን ቀላል አማካዮችን ነው።

በአንዱ አማካይ እንጀምር። የ10 ቀን አማካይ ያለፉት 10 የመዝጊያ ዋጋዎች ድምር ለ10 ሲካፈል የሚገኝ ነው። ከእነዚህ ዋጋዎች አዲሱ የዛሬው ነው፤ አሮጌው ደግሞ 9 ቀን የሞላው ነው። ስለዚህ የዋጋዎቹ አማካይ ዕድሜ 4.5 ቀን ነው። በ30 ቀኑ አማካይ ይኸው ዕድሜ 14.5 ቀን ይሆናል። ዋጋው በየቀኑ 1 ዶላር እየጨመረ ቢሄድ፣ የ10 ቀኑ መስመር ከዋጋው 4.50 ዶላር፣ የ30 ቀኑ ደግሞ 14.50 ዶላር ዝቅ ብሎ ይከተላል። በገላጭ አማካይ ብንለውጠው ይህ ይቀራል የሚሉ አሉ። በተለመደው አሠራር፣ ማለትም α = 2/(n+1) ሲሆን፣ የገላጭ አማካይም አማካይ ዕድሜ ያው (n−1)/2 ነው። የክብደቱ አከፋፈል ይለወጣል እንጂ አማካይ መዘግየቱ አይለወጥም።

መሻገሩ ግን ከሁለቱ አማካዮች የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይህ ነው። የሁለቱ መስመሮች ልዩነት በውስጡ ሲታይ ያለፉት ቀናት የዋጋ ለውጦች ክብደት የተሰጣቸው ድምር ነው። ክብደቶቹን በወረቀት ላይ ብታወጡ፣ የዛሬው ለውጥ የሚያገኘው 1/15 ብቻ ነው። የትናንቱ 2/15፣ የትናንት ወዲያው 3/15 እያለ ያድግና ከ9 ቀን በፊት የነበረው ለውጥ 10/15 ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እንግዲህ ከ9 ቀን በፊት የሆነው ነገር ዛሬ ከሆነው ይልቅ ዐሥር እጥፍ ድምፅ አለው። ምልክቱ ዛሬን የማይሰማው በአሠራሩ ነው፤ የተሻለ ሶፍትዌር አያስተካክለውም።

ይህንን በአንድ ቀላል ምሳሌ እንከተለው። አንድ አክሲዮን በየቀኑ 1 ዶላር እየወረደ 100 ዶላር ደረሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ 1 ዶላር መውጣት ጀመረ እንበል። በ12ኛው ቀን ዋጋው 112 ነው፤ የ10 ቀኑ አማካይ 107.50፣ የ30 ቀኑ 107.70 ነው፤ ገና አልተሻገሩም። በ13ኛው ቀን የመጀመሪያው 108.50፣ ሁለተኛው 107.57 ይሆናል። ምልክቱ የመጣው ዋጋው 113 ሲሆን ነው። ውድቀቱ ከመነሣቱ በእጥፍ የፈጠነ ከነበረ ደግሞ መሻገሩ እስከ 16ኛው ቀን ይቆያል፤ ምክንያቱም የትላንቱ ድንጋጤ በረጅሙ አማካይ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል።

በጫፉ ላይም ያው ነው። ዋጋው ከጫፉ ከተመለሰ በኋላ የመሸጫው ምልክት በ13ኛው ቀን፣ ማለትም 13 ዶላር ከታጣ በኋላ ይመጣል። መውጣቱ 60 ቀን ከቆየ ነጋዴው ከ60 ዶላር ውስጥ 34ቱን ይይዛል። 30 ቀን ከቆየ የሚቀረው 4 ዶላር ነው። 20 ቀን ብቻ ከቆየ ግን በ113 ገዝቶ በ107 ይሸጣል። አቅጣጫውን በትክክል የተከተለ ሰው 6 ዶላር ከሰረ ማለት ነው፤ የደላላ ክፍያው ገና አልተቆጠረም። በዚህ ምሳሌ ድንበሩ 26 ቀን ነው። ከዚያ ባጠረ እንቅስቃሴ ላይ ምልክቱ የሚያመጣው ኪሳራ ከነጋዴው ዲሲፕሊን ጋር አይገናኝም።

አማካዮቹን ማሳጠር ድንበሩን ያወርደዋል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። የየቀኑ ረብሻ እርስ በርሱ ካልተያያዘ የአማካዩ መዋዠቅ በ√n ይቀንሳል። ከ36 ቀን ወደ 9 ቀን ስንወርድ መዘግየቱ ከ17.5 ወደ 4 ቀን ይወርዳል፤ ረብሻው ግን እጥፍ ይሆናል፤ የሐሰት መሻገሮችም ይበዛሉ።

ከምሳሌ ወጥተን ወደ ገበያ እንግባ። የ50 እና የ200 ቀን አማካዮች ለስዊንግ ትሬደር በጣም ረጅም ናቸው፤ ነገር ግን ሕጉን በግልጽ ያሳያሉ። የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 19 ቀን 2020 ጫፍ ላይ ነበር፤ በመጋቢት 23 ቀን ታችኛው ነጥብ ላይ ደረሰ። የመሸጫው መሻገር የመጣው በመጋቢት 30 ቀን፣ ኢንዴክሱ በ2,627 ገደማ ሲዘጋ ነበር፤ ውድቀቱ ካበቃ ከአንድ ሳምንት በኋላ ማለት ነው። የመግዣው በሐምሌ 9 ቀን በ3,152 ገደማ መጣ። ምልክቱን የተከተለ ሰው ሸጦ 20 በመቶ አስወድዶ መልሶ ገዛ። በአንጻሩ በታኅሣሥ 21 ቀን 2007 የታየው የመሸጫ ምልክት በ1,484 ገደማ ሲሆን፣ የመግዣው በሰኔ 23 ቀን 2009 በ895 ገደማ መጣ፤ 40 በመቶ የሚጠጋ ኪሳራ አዳነ። መሣሪያው አንድ ነው። የተለያየው የውድቀቱ ርዝመት ነው፤ አንዱ ሠላሳ ሦስት ቀን፣ ሌላው አሥራ ሰባት ወር።

ታዲያ ስዊንግ ትሬደሩ ይጣለው? በእኔ እምነት እንደ መግቢያ ምልክት ይጣለው፤ እንደ ፈቃድ ግን ይያዘው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ፤ ዋጋው 140 ደርሶ ለ4 ቀን በየቀኑ 1 ዶላር ወርዶ 136 ሆነ እንበል። በሁለቱ አማካዮች መካከል የነበረው ልዩነት 10 ዶላር ነበር። ያ አራት ቀን ያለው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 8.67 ዶላር ብቻ ይወርዳል፤ መሻገር የለም። ቀድሞ የጎዳን ባሕርይ አሁን ይጠቅመናል፤ አጭር ማፈግፈግ አያስደነግጠውም። ነጋዴው አጭሩ ከረጅሙ በላይ እስካለ ድረስ ለመግዛት ብቻ ይፈልጋል፤ የሚገባው ግን ማፈግፈጉ አልቆ ዋጋው ሲያንሠራራ ነው፤ ለምሳሌ በ137፣ ኪሳራ መቁረጫውን ከ136 ዝቅ አድርጎ። መውጫውንም ለመሻገሩ አይተውም። እውነተኛ መገልበጥ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከማፈግፈግ አይለይምና ከዚያ የሚያወጣው መቁረጫው ነው።

ይህ ለየትኛው አክሲዮን እንደሚሠራ ለማወቅ መጀመሪያ ትርፉን አትቁጠሩ፤ የእንቅስቃሴዎቹን ርዝመት ቁጠሩ። በአለፉት ዓመታት ገበታ ላይ ከታችኛው ነጥብ እስከ ጫፍ ያሉትን ቀናት መዝግቡና መካከለኛውን ውሰዱ። 15 ቀን ከሆነ 10 እና 30 ለዚያ አክሲዮን አይሆኑም። 50 ከሆነ ሊታሰብበት ይችላል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ ነጥቦቹ የታወቁት ወደ ኋላ በማየት ስለሆነ ልኬቱ የሚነግራችሁ ስለ አክሲዮኑ ጠባይ እንጂ ስለ መግቢያ ቀን አይደለም። ሁለተኛው፣ ርዝመቱን በመረጣችሁበት መረጃ ላይ ውጤቱን አትፈትኑ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ሳትነኩ አስቀምጡ። ለውጦቹ እርስ በርሳቸው ፈጽሞ የማይያያዙ ከሆነ፣ ማለትም ዋጋው የዘፈቀደ ጉዞ ከሆነ፣ የትኛውም ጥንድ አማካይ ከክፍያው በፊት የሚጠበቀው ትርፍ ዜሮ ነው፤ ያስቀመጣችሁት መረጃም ይህንኑ ያሳያችኋል።