ካሩሰሎቻችን አንድ መልክ እንዲይዙ፦ ስለ ቴምፕሌት፣ ስለ ቀለምና ስለ ስላይድ ዓይነቶች

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ በየሳምንቱ በቴሌግራምና በኢንስታግራም ስለምናወጣቸው፣ በጣት እየተገፉ ስለሚነበቡ ተከታታይ ምስሎች ነው። ብዙዎቻችን ካሩሰል እንላቸዋለን፤ እያንዳንዱን ምስል ደግሞ ስላይድ። «የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ቀለም ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። የሚያገባኝ፣ በእነዚህ ምስሎች ላይ የሚወጣው የእናንተ ገንዘብ ስለሆነ ነው።

በቅርቡ አንዲት እህት ቢሮ መጥታ «ብድሩ በ7 በመቶ ነው አይደል?» አለችኝ። ስልኳን ስታሳየኝ ጓደኛዋ የላከችላት አንድ ስላይድ ብቻ ነው። ስለ ቁጠባ ወለድ ከሚናገር ካሩሰል ተነጥሎ የወጣ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስላይዱ ላይ «ቁጠባ» የሚል ቃል የለም፣ ቀለሙም ከዚያ በፊት የወጣው የብድር ካሩሰል ቀለም ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያየችው ምስል ብድር መስሎ ነበርና ብድር ነው ብላ አነበበችው። አባሎቻችን የሚተላለፉት ሙሉ ካሩሰል ሳይሆን ነጠላ ስላይድ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ስላይድ ብቻውን ቆሞ ማንነቱን መናገር አለበት።

መልክ የሚበላሸው ድንገት አይደለም። ካሩሰሉን አራት እህቶች በየተራ ይሠራሉ። ተራዋ የደረሰች እህት ያለፈውን ሳምንት ሥራ ትከፍታለች፣ ጽሑፉን አጥፍታ የራሷን ትጽፋለች። ቀላል መንገድ ነው፤ ግን የፎቶ ኮፒ ኮፒ እንደማንሳት ነው። አንዷ ረዘም ያለ ርዕስ ስለገጠማት ፊደሉን ትንሽ ታሳንሳለች፤ ቀጣይዋ ያንን ያነሰውን ፊደል እንደ ደንብ ትወስደዋለች። ከስምንትና ከዘጠኝ ዙር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሁለት ድርጅት ሥራ ይመስላሉ።

ስለዚህ አንድ ዋና ቴምፕሌት አለ፤ ማንም በላዩ ላይ አይጽፍም። ካንቫ ላይ ከፍታችሁ `Make a copy` ትላላችሁ፣ የምትሠሩት በቅጂው ላይ ነው። ሁልጊዜ ከዋናው እንጂ ካለፈው ሳምንት ሥራ አትቅዱ። በዋናው ላይ የላይኛው ባንድ፣ የማኅበሩ ምልክትና የገጽ ቁጥሩ ቦታ `Lock` ተደርገዋል፤ በጣት ስትነኩት እንዳይንሸራተት። ክፍት የተተወው የርዕሱ፣ የጽሑፉና የቁጥሩ ቦታ ብቻ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ባዶ የደረሰኝ ቅጽ ማለት ነው፤ ሁላችንም የምንሞላው ሌላ ሌላ ነገር ነው፣ የቅጹን መስመር ግን ማንም አያንቀሳቅስም።

የሁሉም ስላይድ መጠን 1080 በ1350 ፒክስል ነው። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ስላይድ ቅርጽ አይቶ ሌሎቹንም በዚያው ልክ ስለሚቆርጥ፣ አንዱ ካሬ ሌላው ረጅም ከሆነ ጽሑፍ ይቆረጣል። ከዳርና ዳር 90 ፒክስል ባዶ እንተዋለን፤ በገጻችን ላይ ምስሎቹ ተደርድረው ሲታዩ ጎንና ጎናቸው ትንሽ ስለሚነካ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ነው። ቀለም የምንመርጠው ስላማረን ሳይሆን ትርጉም ስለሰጠነው ነው። አረንጓዴው `#0B5D3B` ቁጠባ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። የጡብ ቀለሙ `#9C3B1F` ብድር ነው። ወርቃማው `#F2B632` በአንድ ስላይድ ላይ አንዲት ቁጥር ብቻ ያደምቃል፤ አንባቢዋ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ እንኳ ይዛው እንድትሄድ የምንፈልገውን ቁጥር። ከእነዚህ ሌላ ያለው ክሬም መደብና ወደ ጥቁር የሚጠጋ ፊደል ነው። በሒሳብ መዝገብ እያንዳንዱ ሒሳብ የራሱ ኮድ እንዳለው ሁሉ ቀለሙም እንደዚያው ነው። ለበዓል ብሎ የብድር ካሩሰል በአረንጓዴ መሥራት፣ ወጪን በገቢ ኮድ እንደመመዝገብ ነው።

ኮዱን በጽሑፍ ቅዱት፤ ከምስል ላይ በመልቀሚያ አትውሰዱት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ቀለሙ በጥቂቱ ይዛባል። ከዚያ ላይ የተለቀመ አረንጓዴ ለዓይን ያው ይመስላል፤ ከዋናው ጎን ሲቀመጥ ግን ልዩነቱ ይታያል፣ ከሱ ላይ ደግሞ ሌላዋ ትለቅማለች። እርስ በርሳችን ሥራ ስንለዋወጥም እንደ ፋይል እንላላክ።

ወርቃማው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በፊደልና በመደብ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት በቁጥር ይለካል፤ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልልቅ ፊደል ቢያንስ 3 እንዲሆን ይመከራል። በአረንጓዴያችን ላይ ነጭ ፊደል ወደ 8 ይጠጋል፣ ጥሩ ነው። ወርቃማ በአረንጓዴ ላይ ከ4 ትንሽ በላይ ነው፤ ለትልቅ ቁጥር ይሆናል፣ ለአንቀጽ አይሆንም። ወርቃማ በነጭ ላይ ግን 2 እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ላይ ቆማ ስልኳን የምታይ እህት አታነበውም። ስለዚህ ወርቃማ ፊደል በነጭም ሆነ በክሬም መደብ ላይ ፈጽሞ አንጠቀምም፤ እዚያ ላይ ማድመቅ ስንፈልግ ወርቃማውን ከጥቁሩ ቁጥር ሥር እንደ መደብ እናደርገዋለን።

ሌላም ነገር አለ። አረንጓዴያችንና የጡብ ቀለማችን ስልክ ላይ ሩቅ ለሩቅ ናቸው፤ የብርሃን መጠናቸው ግን በጣም ይቀራረባል። በጥቁርና ነጭ ማተሚያ አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፏቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ቀይና አረንጓዴ ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችም አሉ። ቀለሙ ብቻውን በቂ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በላይኛው ባንድ ላይ «ቁጠባ» ወይም «ብድር» የሚለው ቃል በሁሉም ስላይድ ላይ አለ፣ አጠገቡም የገጽ ቁጥሩ፦ 3/7፣ 4/7 እየተባለ። ያቺ እህት ያን ዕለት የጎደላት ይህ ቃል ነበር።

ቀጥሎ የስላይድ ዓይነቶቹን በአንድ ካሩሰል ላይ ላሳያችሁ። «10,000 ብር ተበድሬ ስንት እመልሳለሁ?» የሚለውን እንውሰድ። ሰባት ስላይድ ነው፣ ግን ዓይነቱ አምስት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሽፋን ነው፤ ጥያቄው ብቻ ያለበት፣ መደቡ ሙሉ በሙሉ የጡብ ቀለም። ሁለተኛው የማብራሪያ ስላይድ ነው፤ አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል፦ ወለድ በመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው ሊታሰብ ይችላል፣ ወይም እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ ሊታሰብ ይችላል። ሦስተኛውና አራተኛው የስሌት ስላይድ ናቸው። በሦስተኛው ላይ 10,000 ብር በዓመት 12 በመቶ፣ ለ12 ወር፣ በመጀመሪያው መንገድ፦ ወለዱ 1,200 ብር፣ ወርሃዊ ክፍያው 933.33 ብር። በአራተኛው ላይ ያው ብድር፣ ያው 12 በመቶ፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ፦ ወርሃዊ ክፍያው 888.49 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ 662 ብር ገደማ። የመጀመሪያው ወር ወለድ 100 ብር ነው፤ ከክፍያው 788.49 ብር ዋናውን ዕዳ ስለሚቀንስ የሁለተኛው ወር ወለድ 92.12 ይሆናል።

ቴምፕሌቱ ጥቅሙን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የስሌት ስላይዶች መስመር በመስመር አንድ ናቸው፦ ብድሩ ላይ፣ ከሥሩ ወለዱ በመቶኛ፣ ከሥሩ ወርሃዊ ክፍያ፣ ታች በወርቃማው ጠቅላላ ወለድ። አንባቢዋ ከሦስት ወደ አራት ስትገፋ የሚለወጡት ወርሃዊ ክፍያውና ጠቅላላ ወለዱ ብቻ ናቸው፤ 1,200 የነበረው 662 ሲሆን እዚያው ቦታ ላይ ታየዋለች። በአንዱ ላይ ወለዱን ላይ፣ በሌላው ላይ ታች ብናደርገው ኖሮ ቁጥሩን መጀመሪያ መፈለግ፣ ከዚያ ማወዳደር ይኖርባት ነበር። ብዙዎች መፈለጉ ላይ ያቆማሉ።

አምስተኛው እንደገና ማብራሪያ ነው፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ። ስድስተኛው «ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ» የምንለው ነው፤ በሁሉም የብድርና የቁጠባ ካሩሰል ውስጥ ከመጨረሻው በፊት ይመጣል፣ ከሦስት ጥያቄ አይበልጥም። ሰባተኛው መዝጊያ፦ ቢሮው መቼ ክፍት እንደሆነና የሚቀጥለው ርዕስ።

አዲስ የስላይድ ዓይነት ልጨምር የምትል ብትኖር መልሴ አንድ ነው፦ ወደፊት ቢያንስ ለሦስት ካሩሰል የሚጠቅም ከሆነ ዋናው ቴምፕሌት ላይ ይጨመር፤ ለአንድ ጊዜ ከሆነ ካሉት በአንዱ ይሠራ። ፎቶም እንደዚያው ነው። ፎቶ የሚገባው ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ እኔ እንዲያውም ባይኖር እመርጣለሁ፣ ግን በዚህ በድምፅ ተሸንፌያለሁ።

ስለ ፊደላችን ደግሞ። እንግሊዝኛ ርዕስን በትልቁ ፊደል መለየት ይችላል፤ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። እኛ ርዕስን የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ከተዛቡ ሌላ መለያ የለንም። ፎንታችን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፤ ርዕሱ 84፣ ጽሑፉ 46። ስላይዱ ስልክ ላይ ሲታይ ወደ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ 46ቱ ለዓይን 15 ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በታች «ጨ»ና «ጩ» መለየት ያስቸግራል። በጣም ወፍራሙን ፊደልም ለጽሑፍ አትጠቀሙ፣ የፊደሉ ውስጥ ክፍተት ይደፈናል። ጽሑፉ አልበቃ ሲል ፊደል አይቀንስም፤ ወይ ዓረፍተ ነገር ይቆረጣል፣ ወይ ወደሚቀጥለው ስላይድ ይሻገራል። አንዳንዴ ካንቫ ላይ አማርኛ በማይይዝ ፎንት ስትጽፉ ፊደሉ በራሱ በሌላ ይተካል፤ የምታውቁት መስመሮቹ ሳትነኳቸው ሲራራቁ ወይም ሲጣበቁ ነው። ያኔ የፎንቱን ስም ተመልከቱ።

ቴሌግራም ላይ በአንድ ጊዜ በአንድነት የሚላከው ምስል እስከ 10 ነው፤ እኛ ከሰባት ስለማናልፍ ያው ካሩሰል ለሁለቱም ይሆናል። ሆኖም ቴሌግራም ምስሎቹን መጀመሪያ እንደ ሞዛይክ አንድ ላይ ደርድሮ ስለሚያሳይ፣ አንዷ ስላይድ አራትን ከሁለት በፊት ልትከፍት ትችላለች። ለዚያ ያለን መድኃኒት በባንዱ ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ነው፣ ሌላ የለንም።

የተራው ዝርዝር ከነቀለም ኮዶቹ ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። የሚቀጥለው ካሩሰል «ዕድር ሲከፈል በመዝገብ እንዴት ይያዛል» የሚለው ነው። ዕድር ቁጠባም ብድርም ስላልሆነ የራሱ ቀለም ያስፈልገዋል፤ በብርሃን መጠኑ ከሁለቱ የሚርቅ፣ በጥቁርና ነጭ ሲታተም የሚለይ ቀለም። ሐሳብ ያላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ኮዱን ጽፋችሁ አምጡልኝ።